የጀርመን ማሽነሪ ሻጭ መስለው የሚቀርቡ ድረ ገጾች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ያገለገለ ኤክስካቫተር፣ ሎደር ወይም ትራክተር ከጀርመን ማስመጣት የሚፈልግ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ሁሉ ነገሩ የተሟላ ሻጭ ያጋጥመዋል። ስሙ፣ አርማው፣ አድራሻው፣ የምዝገባ ቁጥሩ ሳይቀር ተቀምጧል። ብዙ ጊዜ ድርጅቱ በእርግጥም አለ፤ ድረ ገጹን የከፈተው ግን ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ አጣርተናል ብለው ገንዘብ የላኩ ሰዎች ከሚሉት ውስጥ በተደጋጋሚ የሚሰማውን ከዚህ በታች አንድ በአንድ እንመልከት።

«የምዝገባ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ አድራሻውም አንድ ነው»

ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። በጀርመን ሕግ ማንኛውም ነጋዴ ድረ ገጹ ላይ Impressum የሚል ክፍል ከፍቶ ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ በንግድ መዝገብ የተሰጠውን ቁጥር (ለምሳሌ HRB ብሎ የሚጀምረውን) እና የቫት መለያ ቁጥሩን ማስቀመጥ አለበት። ሸማቹን ለመጠበቅ የወጣ ግዴታ ነው፤ አጭበርባሪውም የሚፈልገውን ሁሉ ከአንድ ገጽ ላይ ይገለብጣል። ገጽ የሌለው ድርጅት ቢሆንም አይቸገርም፤ የንግድ መዝገቡ ድረ ገጽ handelsregister.de ከነሐሴ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለማንም በነፃ ክፍት ስለሆነ ከዚያው ይወስዳል።

ስለዚህ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ሲያስገቡት ትክክል ሆኖ ይገኛል። የቫት ቁጥሩንም VIES በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የቫት ቁጥር ማጣሪያ ገጽ ላይ ቢሞክሩት «ይሠራል» ይላል፤ የጀርመን ቁጥሮችን በተመለከተ ግን የማን እንደሆነ እንኳ አያሳይም። ሁለቱም የሚነግሩዎት እንዲህ ያለ ድርጅት መኖሩን ነው። መዝገቡ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ አይመዘገብም፤ የሚያነጋግሩት ሰው ከዚያ ድርጅት ጋር ምንም ግንኙነት ይኑረው አይኑረው ሊነግርዎት አይችልም።

ያም ሆኖ መዝገቡ አንድ ጠቃሚ ነገር ይዟል። ከድርጅቱ ስም ሥር Gegenstand የሚል መስመር አለ፤ ድርጅቱ የተቋቋመበትን የሥራ ዘርፍ ይገልጻል። አጭበርባሪዎች ራሳቸው ድረ ገጽ የሌላቸውን ትንንሽ ድርጅቶች ስም መውሰድ ይወዳሉ፤ ደንበኛ ቢፈልግ እውነተኛውን ገጽ አያገኝማ። በዚህ ምክንያት ቤት ለማከራየት የተቋቋመ ድርጅት 20 ቶን ኤክስካቫተር ሲሸጥ ሊገኝ ይችላል። ያንን መስመር በትርጉም መሣሪያ አስነብቡት። በኪሳራ ሂደት ላይ ያለ ድርጅት ከሆነም መዝገቡ ላይ ይታያል።

«የቁልፍ ምልክቱ አለ፣ https ነው»

ምልክቱ በእርስዎና በገጹ መካከል የሚተላለፈው መረጃ መመስጠሩን ብቻ ያሳያል። ይህን የምስክር ወረቀት ማንም ሰው በነፃና በደቂቃዎች ውስጥ ያገኛል፤ አጭበርባሪውም እንደዚያው። ክሮም ራሱ ሰዎች እየተሳሳቱበት ስለሆነ በ2023 የቁልፉን ምስል በሌላ ምልክት ተክቶታል።

«ከ1987 ጀምሮ እየሠሩ ነው፤ ገጹም የቆየ ነው»

የተጻፈውን ዓመት ትተው የገጹን አድራሻ ዕድሜ ይመልከቱ። lookup.icann.org ላይ አድራሻውን ሲያስገቡ Created በሚለው መስመር የተመዘገበበት ቀን ይወጣል። በ1987 የተቋቋመ ድርጅት አድራሻው የተመዘገበው ከሁለት ወር በፊት ከሆነ ጥያቄው ራሱን አቅርቧል። በተለይ የእውነተኛው ገጽ በ .de የሚያልቅ ሆኖ እርስዎ ያገኙት ከድርጅቱ ስም ኋላ -gmbh ወይም -export ተጨምሮበት በ .com የሚያልቅ ከሆነ ይጠንቀቁ።

ይህ ዘዴ ሁለት ክፍተት አለው። በ .de የሚያልቁ አድራሻዎች የተመዘገቡበትን ቀን ለሕዝብ አያሳዩም። ሌላው፣ አጭበርባሪዎች ባለቤቱ ያላደሰውን አሮጌ አድራሻ ገዝተው ይጠቀማሉ፤ ያኔ ቀኑ የቆየ ሆኖ ይታያል። web.archive.org ላይ ያንኑ አድራሻ አስገብተው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት ምን እንደነበረበት ይመልከቱ። የዳንስ ትምህርት ቤት የነበረ ገጽ ዛሬ ማሽነሪ የሚሸጥ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው።

«ደውዬ አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ፎቶና ቪዲዮም ልከውልኛል»

የደወሉት የት ያገኙት ቁጥር ላይ ነው? ከዚያው ገጽ ከሆነ አጭበርባሪው ጋር ነው የደወሉት። በ +49 የሚጀምር ቁጥር በኢንተርኔት ተገዝቶ የትም አገር ሆኖ ይመለሳል። ፎቶዎቹም ከእውነተኛ የማሽነሪ ሽያጭ ማስታወቂያዎች የተወሰዱ ናቸው።

አንድ አስመጪ ፕሮፎርማ ደርሶታል እንበል። የድርጅቱን ስልክ ከገጹም ከፕሮፎርማውም አይወስድም፤ የጀርመን የስልክ ማውጫ ላይ ይፈልጋል፣ ወይም IHK የሚባለውን የዚያን ከተማ የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ይጠይቃል። ደውሎ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ይህ ድረ ገጽ የእናንተ ነው? በዚህ ቁጥርና ቀን ፕሮፎርማ ልካችኋል? ይህ የባንክ ሂሳብ የእናንተ ነው? ስማቸው የተወሰደባቸው ድርጅቶች ከእርሱ በፊት ሌሎች ደውለውላቸው ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይነግሩታል። እንግሊዝኛ ካልቻሉ ጀርመን ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ይደውልለት፤ ከተቻለም እዚያው አድራሻ ድረስ ሄዶ ያይለት።

ማሽኑን በተመለከተ የመለያ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ሰሌዳና የሰዓት ቆጣሪውን፣ አጠገባቸው የዛሬ ቀንና የእርስዎ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተደርጎ፣ በአንድ ያልተቆረጠ ቪዲዮ እንዲያሳዩ ይጠይቁ። ማሽኑ የሌለው ሰው ይህን ማድረግ ስለሚከብደው ሰበብ ያበዛል፤ «መጋዘኑ ሌላ ከተማ ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከገባ በኋላ» ይላል።

«ገንዘቡ በባንክ ስለሚሄድ ባንኩ ያጣራዋል»

እዚህ ያለው ባንክ የሚመለከተው ፕሮፎርማውን፣ ፈቃድዎንና የውጭ ምንዛሪ ሕጉን ነው። ተቀባዩ ባንክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያስገባው በሂሳብ ቁጥሩ ላይ ተመሥርቶ ነው። በአውሮፓ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በዩሮ ቀጠና ባሉ ባንኮች መካከል በዩሮ ሲላክ የተቀባዩ ስምና ቁጥር መስማማቱ ይጣራል፤ ከአዲስ አበባ በስዊፍት የሚላከው ግን በዚህ አይሸፈንም።

ስለዚህ IBAN የሚባለውን የሂሳብ ቁጥር ራስዎ ያንብቡት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት አገሩን ይናገራሉ፤ የጀርመን ድርጅት ሂሳብ በ DE ይጀምራል ብለው ሲጠብቁ LT ወይም ES ካገኙ ሊቱዌኒያ ወይም ስፔን ነው። «የሒሳብ ባለሙያችን ሂሳብ ነው» ወይም «አዲስ ባንክ ቀይረናል» ከተባለ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ከላይ እንዳልነው ይደውሉ።

በኤልሲ መክፈል ከቀጥታ ሐዋላ በእጅጉ ይሻላል፤ አጭበርባሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ ኤልሲ አይቀበሉም፣ ይህ ራሱ ምልክት ነው። ኤልሲ ግን የማያስቀረው ነገር አለ። በዓለም አቀፉ የኤልሲ ደንብ (UCP 600፣ አንቀጽ 5) መሠረት ባንኮች የሚሠሩት ከሰነድ ጋር እንጂ ከዕቃው ጋር አይደለም። የመጫኛ ሰነዱ በደንብ ከተጭበረበረ ባዶ ኮንቴይነርም ቢሆን ክፍያው ሊፈጸም ይችላል። ስለዚህ ከሚቀርቡት ሰነዶች መካከል እርስዎ የመረጡት የቁጥጥር ድርጅት ማሽኑን ወደቡ ላይ አይቶ የመለያ ቁጥሩን የጻፈበት ማረጋገጫ እንዲኖር ኤልሲው ላይ ያስገቡ።

«አንዴ ከላኩ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም»

በቀኑ ውስጥ ከሆነ ባንክዎ የስዊፍት መልሶ መጠየቂያ መልእክት እንዲልክ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ተቀባዩ ባንክ ገንዘቡ ካልወጣ ሊያግደው ይችላል፣ ከወጣ ግን ተስፋው ጠባብ ነው። ከዚያ ለፖሊስ ያመልክቱ፣ ለእውነተኛው ድርጅትም ይንገሩ፤ እሱም በጀርመን መክሰስ ይችላል። lookup.icann.org ላይ አድራሻውን የመዘገበው ድርጅት abuse የሚል ኢሜይል ተቀምጧል። የገጹን አድራሻ፣ የእውነተኛውን ድርጅት ማረጋገጫና የፕሮፎርማውን ቅጂ አያይዘው ይላኩለት፤ ገጹን የመዝጋት ሥልጣን አለው።