«ወረፋ ካለ ሳሎኑ ደህና ነው» እና ሌሎች ስህተቶች

«ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋው እስከ በር ነው። የፀጉር ሳሎኔ ደህና ነው ማለት አይደል?»

አይደለም፣ እህቴ። ይሄን እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራም ከሳቢያንም ስሰማ ሰለቸኝ። ወረፋ የመጣውን እንጂ የቀረውን አያሳይሽም።

አንዲት የሳቢያን ባለ ሳሎን የታኅሣሥ ደብተሯን ይዛ መጣች። ድሬ በቁልቢ እንግዳ የምትሞላበት ወር ነው፤ ካስኮቿ አልበረዱም። በስልክ ቁጥር ለይተን ቆጠርን። (በስም አይሞከርም፤ ፋጡማ ብቻ 11 ነበሩ።) 120 ሴቶች መጥተዋል። ለእያንዳንዷ ከመጣችበት ቀን 60 ቀን ሰጠን፤ ቀለም የተቀባች ሁለት ወር ልትቆይ ስለምትችል በ30 ቀን ብንቆርጥ ሳትሄድ ሄደች እንል ነበር። የተመለሱት 42፣ ከመቶ 35 ማለት ነው።

እሷ ደነገጠች፣ እኔ ገና ነበርኩ። 50ዎቹ የቁልቢና የሰርግ እንግዶች ናቸው፤ ሁለቱ መመለሳቸውም ተመስገን ነው። ከነዋሪዎቹ 40ዎቹ ነባር ደንበኞች ሲሆኑ 31 ተመልሰዋል፤ ይሄ ደህና ነው። ከ30 አዲሶች ግን የተመለሱት 9 ብቻ ናቸው።

አዲሶቹን በቀን ስንለያቸው ነገሩ ወጣ። በሥራ ቀን ከገቡት 12 ስድስቱ ተመልሰዋል። ቅዳሜ ከገቡት 18 ግን ሦስት። ቅዳሜ ነባሮቹ የባለቤቷን እጅ ይጠብቃሉ፣ አዲሷ ለተለማማጇ ትሰጣለች፣ ወረፋው ሲገፋም ቢጎዲኑ በቅጡ ሳይደርቅ ይፈታላታል። ቤቷ ስትደርስ ፀጉሩ ወድቋል። የምትኮራበት ወረፋ ራሱ ነው አዲስ ሰው የሚያባርርባት። 18 ሰው ጥቂት ስለሆነ የጥርንም ቆጥሪ አልኳት፤ እስከዚያው ግን አዲስ ስትደውል ማክሰኞና ረቡዕን ስጫት።

«በአንድ ጊዜ የሚከፈለኝ አማካይ ከ300 ወደ 500 ብር ወጥቷል።»

ሙሽራ ነበረች? 39 ሴቶች 300 ብር ከፈሉ፣ አንዲት ሙሽራ 8,300። ድምሩ 20,000 ብር ነው፤ ለ40 ሲካፈል 500 ይመጣል። 500 ብር የከፈለ ግን አንድም ሰው የለም። ሙሽራን ለብቻ ገጽ ጻፊያት።

«ገቢዬን በደንበኞቼ ቁጥር አካፍላለሁ።»

በመጡበት ጊዜ ብዛት ነው የሚካፈለው፤ በወር አራቴ የመጣች አራት ናት።

«ዋጋ ጨመርኩ፣ አማካዩም ወጣ፣ ማንም አልቀረም።»

አማካዩ በዚያው ሳምንት ይወጣል። ቅር ብሏት የሄደችው ግን ተሰናብታሽ አትሄድም፤ መቅረቷ የሚታወቀው 60 ቀኗ ሲሞላ ነው። ስለዚህ ዋጋ የጨመርሽበትን ቀን ደብተሩ ላይ አስምሪበት፤ ከመስመሩ በፊት የመጡትንና በኋላ የመጡትን ለየብቻ ቁጠሪ። አማካዩ ወጥቶ የነባሮቹ መመለስ ከወረደ፣ ጭማሪውን የከፈሉልሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት ናቸው።