ስምንተኛ ቤት ምንድን ነው? የሌላ ሰው ቦርሳ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት ደወለችልኝ። ቀለበት ካሰረች ሁለት ወር አልሞላትም። አንድ ቪዲዮ አይታ የእጮኛዋን የልደት ቻርት ስልኳ ላይ አውጥታለች። ፀሐይ ስምንተኛ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላለች። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ደግሞ «ስምንተኛ ቤት የሞት ቤት ነው፤ ስምንተኛ ቤቱ የሞላ ሰው አታግቡ» ብሏል። ልጅቷ እያለቀሰች «ልተወው እንዴ?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው አይደለም። ለዚህ ነው ዛሬ ስለዚህ አንድ ቤት ብቻ የምጽፈው። ቻርት አሥራ ሁለት ቤት እንዳለውና አሴንዳንት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ።

እኛ ዘንድ «ስምንተኛ» የሚለው ቃል ራሱ ጆሮ ላይ ይከብዳል። «ስምንተኛው ሺ ገባ» ሲባል እየሰማን አድገናል። በዚያ ላይ «ቤት» ሲጨመርበት ሰው ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ግን ሁለቱ አይገናኙም።

ሞት ከዚህ ቤት ጋር መነሳቱ ውሸት አይደለም። የጥንት ግሪኮች ቦታውን «ሥራ ፈት» ይሉት ነበር። ምክንያታቸው የዓይን ጉዳይ ነው። በእነሱ አቆጣጠር አንድ ቤት ሌላውን የሚያየው በተወሰነ ርቀት ላይ ሲሆን ነው። ስምንተኛው ቤት አንደኛውን፣ ማለትም ባለቤቱን ራሱን፣ ማየት አይችልም። ያለውም ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ወደ ምዕራብ መውረድ በጀመረችበት በኩል ነው። ጉልበቱ የሚቀንስና ከዓይን የራቀ ቦታ ስለሆነ ነው ሞትን እዚያ ያስቀመጡት። ቪዲዮው ላይ ያለው ወንድማችን የሰማው ይህን ግማሹን ብቻ ነው።

ሌላው ግማሽ ቆጠራ ነው። ሁለተኛ ቤት የኔ ገንዘብ ነው፤ ኪሴ፣ ደሞዜ፣ ያፈራሁት። ሰባተኛው ደግሞ ከፊቴ የቆመው ሰው ነው፤ ባል፣ ሚስት፣ የንግድ ሸሪክ፣ ሌላው ቀርቶ በፍርድ ቤት የከሰሰኝ ሰው። አሁን ከሰባተኛው ጀምራችሁ ሁለት ቁጠሩ። ሰባት፣ ስምንት። ስምንተኛው የዚያ ሰው ሁለተኛ ቤት ነው፤ በሌላ አነጋገር የሌላው ሰው ቦርሳ።

ይህን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ዕዳ ምንድን ነው? የሌላ ሰው ገንዘብ እኔ እጅ ሲገባ። ውርስስ? የሞተ ሰው ቦርሳ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊሊ እ.ኤ.አ. በ1647 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ቤት ስር ሞትን፣ የሟች ንብረትን፣ ኑዛዜን፣ ሚስት ይዛ የምትመጣውን ጥሎሽ አንድ ላይ ዘርዝሯል። ጥሎሽ ከሞት ጋር ምን አገናኘው? የሚያገናኘው ቦርሳው ነው። ሞትን ብቻ ይዞ የሚነሳ ሰው ጥሎሹን ማስረዳት አይችልም።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ በእቁብ ነው የማስረዳው። አሥራ ሁለት ሰው በወር 5,000 ብር ይጥላል እንበል። ዕጣው 60,000 ነው። እኔ የምጥለው 5,000 ብር ሁለተኛ ቤቴ ነው። 60,000ው ስምንተኛ ቤት ነው። በመጀመሪያው ወር ዕጣ ወጣልኝ። እጄ ላይ ካለው 60,000 ውስጥ የኔ 5,000ው ብቻ ነው። 55,000ው የአሥራ አንድ ሰው ገንዘብ ነው፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉ እከፍለዋለሁ። መጨረሻ ለሚደርሰው ሰው ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ዓመቱን ሙሉ ሲያበድር የቆየው እሱ ነው። ብሩ ያው 60,000 ነው፤ ለአንዱ ዕዳ ነው፣ ለሌላው ቁጠባ። ስምንተኛ ቤትም እንደዚሁ ነው። ክፉ ወይም ደግ ከመባሉ በፊት ማን መቼ እንደወሰደና ማን እንደሚጠብቅ መታየት አለበት።

እቁብ ላይ ዋስም አለ። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ዋሱ ሰውዬውን ያውቀዋል፤ ቤቱን፣ አመሉን፣ የወር ገቢውን። የማላውቀው ሰው ዋስ አልሆንም። በቅርብ መቶ ዓመት የመጡት ኮከብ ቆጣሪዎች «ስምንተኛ ቤት የመቀራረብ፣ የአልጋና የምስጢር ቤት ነው» ሲሉ እኔ የምረዳው በዚህ በኩል ነው። ጓዳዬን የከፈትኩለት ሰው ሊጎዳኝም ሊያነሳኝም ይችላል። የጥንቶቹ ግን ፍቅርና ደስታን አምስተኛ ቤት፣ ጋብቻን ሰባተኛ ቤት ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ «ስምንተኛ ቤት ማለት ወሲብ ነው» ብሎ የሚደመድም ሰው በቅርብ የመጣ ንባብን እንደ ጥንት ሕግ እያቀረበ ነው።

«ጥልቅ ለውጥ» የሚባለውም እንዲሁ አዲስ ነው። ፕሉቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሉቶን ከአቅራብ፣ አቅራብን ከስምንተኛ ቤት እያገናኙ ሦስቱን አንድ አደረጓቸው። እኔ ሦስቱን ለየብቻ ነው የማነበው። ለውጡን ግን አልክድም። እቁብ የደረሰው ሰው ባጃጅ ገዝቶ ሊወጣ ይችላል፤ በልቶት አሥራ አንድ ወር ሲከፍል ሊከርምም ይችላል። የሌላ ሰው ገንዘብ በእጁ ያለፈ ሰው እንደነበረ አይቆይም።

እቁቡ የማይሠራበት ቦታም አለ። እቁብ ወድጄ ነው የምገባው። ውርስ ግን ሳልጠራው ይመጣል። አባት ሲሞት ቤቱም፣ የቤቱ ክርክርም፣ ከወንድም ጋር መኳረፉም አብሮ ይመጣል። ስምንተኛው ቤት ከባለቤቱ ዓይን የራቀ ነው ያልኩት እዚህ ላይ ይገባል። ዕጣውን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው።

እስቲ በአንድ ቻርት እንየው። የማንም አይደለም፣ ለማሳያ ያወጣሁት ነው። ጥር 5 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። አሴንዳንቱ ገውዝ ነው። ከገውዝ ስምንት ስትቆጥሩ ጀዲ ላይ ትደርሳላችሁ። በዚያ ሰሞን ጀዲ ውስጥ ፀሐይ፣ ሜርኩሪ፣ ሳተርን፣ ኡራነስና ኔፕቱን ተሰብስበው ነበር። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ይህን ቢያይ ሰውዬውን ዕለቱን ይቀብረዋል።

እኔ የምጀምረው ከቤቱ ጌታ ነው። የጀዲ ጌታ ሳተርን ነው፣ እሱም እዚያው የራሱ ቤት ውስጥ አለ። ይህ ጠንካራ አቀማመጥ ነው። ሳተርን እዚህ ሁለት ዋስ ካልመጣ ብር የማይሰጥ የእቁብ ዳኛ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ ለዚህ ሰው ይመጣል፤ ግን ዘግይቶ፣ በወረቀት፣ በፊርማ። ቀጥሎ የሰውዬውን የራሱን ጌታ አያለሁ። የገውዝ ጌታ ሜርኩሪ ነው፣ እሱም ስምንተኛ ቤት ውስጥ ነው። የሂሳብ፣ የጽሑፍና የውል ፕላኔት የሌሎች ቦርሳ ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌላውን ገንዘብ የሚቆጥር፣ የሚመዘግብ፣ ኑዛዜ የሚያነብ ሆኖ ይታየኛል። ባንክ ቤት ወይም ኢንሹራንስ ውስጥ ባገኘው አይደንቀኝም።

ሰባተኛው ቤት ቀውስ ነው፣ ጌታው ጁፒተር። ጁፒተር ደግሞ በሸርጣን፣ ከፍ በሚልበት ቦታ፣ ሁለተኛ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። የትዳር ጓደኛው ጌታ የሰውዬው ኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ከስምንተኛው ቤት ጋርም ፊት ለፊት ይተያያል። የዚህ ሰው ዋና ጥያቄ በትዳር ውስጥ የማን ብር የማን እንደሆነ ነው። ሞት የሚለውን ቃል ሳላነሳ ይህን ሁሉ አነበብኩ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሳተርን በአንድ ኮከብ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል፣ ኔፕቱን ደግሞ 14 ዓመት ያህል ይቆያል። በ1982 የተወለደ ሁሉ ማለት ይቻላል ኔፕቱን በጀዲ አለው። ወደ ስምንተኛ ቤት የሚያስገባው የልደት ሰዓት ነው። ስለዚህ ስለ ኔፕቱን ብቻ ቁጭ ብሎ አንድ ሰዓት የሚያወራ ሰው ስለ እናንተ ሳይሆን ስለ እኩዮቻችሁ በሙሉ ነው የሚያወራው። የብሩን መጠንም ሆነ ሰው የሚሞትበትን ቀን ከዚህ ቤት አላወጣም። የውርስ ጉዳይ ያለበት ሰው መሄድ ያለበት ጠበቃ ጋር ነው።

ሌላው ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ «እኔ አቅራብ ነኝ፣ ስለዚህ ስምንተኛ ቤት ነኝ» የሚል ሰው ነው። ያን ኮከብ ያገኘው ከአውደ ነገሥት ነው። እዚያ የራስና የእናት ስም ፊደላት ተቆጥረው በ12 ሲገደፉ ስምንት ከተረፈ አቅራብ ይባላል። አቆጣጠሩ የራሱ ነው፣ የልደት ሰዓት አይጠይቅም፤ ስለዚህም በልደት ቻርት ስላሉት ቤቶች ምንም አይነግረንም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። «ስንት ሰዓት ነው የተወለደው?» አልኳት። «እናቱ ሦስት ሰዓት ነው ያሉኝ፣ ቀን» አለች። ስልኳ ላይ ምን ብላ እንዳስገባች ጠየቅኳት። 3:00 PM ብላለች። እናትየው ያሉት ግን የእኛን ሦስት ሰዓት ነው፣ ጠዋት። 9:00 AM ብላ እንድታስተካክል ነገርኳት። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሲሄድ ፀሐይ ሦስት ቤት ዘላ አሥራ አንደኛው ቤት፣ የወዳጅና የማኅበር ቤት ውስጥ ገባች። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የተወለደ ሰው ነው በአብዛኛው ፀሐዩ ስምንተኛ ቤት የሚውለው።

ልጅቷ ተንፈስ አለች። እኔ ግን በዚህ አላቆምኩም። «ፀሐይዋ እዚያው ስምንተኛ ቤት ብትሆንም ኖሮ የሚጠየቀው ይሞታል ወይ አልነበረም» አልኳት። «ዕዳ አለብህ? ደሞዛችንን አንድ ላይ ነው የምናደርገው ወይስ ለየብቻ? የአባትህ ቤት በማን ስም ነው? እነዚህ ነበሩ።» ዝም አለች። አንዱንም ጠይቃው አታውቅም።