ኮንትራት፣ ቆጣሪ ወይስ ሚኒባስ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኮንትራት ሁልጊዜ ውድ ነው።»

ለብቻው ለሚሄድ ሰው አዎ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ በመስመር ባጃጅ ስትሳፈሩ የምትከፍሉት ለአንድ ወንበር ነው። በኮንትራት ግን ባጃጁን በሙሉ ትይዛላችሁ። ሦስት ሆናችሁ ዕቃ ከያዛችሁ የመስመሩን ዋጋ በሦስት አባዙትና ከኮንትራቱ ጋር አስተያዩት። መስመሩ መሃል ላይ ወርዳችሁ ሌላ እንድትይዙ የሚያስገድድ ከሆነ ሁለቱንም ሒሳብ ደምሩ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ኮንትራቱ ደግሞ በር ድረስ ያደርሳችኋል።

«ቆጣሪ ካለ አልጎዳም።»

እንደ ራይድና ፈረስ ያሉት አፖች በመነሻ ዋጋ ላይ ኪሎ ሜትሩንና ጊዜውን ይደምራሉ። መኪናው ቆሞ ሲጠብቃችሁም ጊዜው ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው።

ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደርሶ መልስ እንውሰድ። መንገዱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ 60 ይሆናል። ዋጋውን ለስሌት ያህል መነሻ 150 ብር፣ ኪሎ ሜትር 20፣ ደቂቃ 3 ብር እናድርገው። ኪሎ ሜትሩ 1,200 ብር ያወጣል። ጉዞው 100 ደቂቃ፣ ፏፏቴው ጋ መጠበቁ 120 ደቂቃ ቢፈጅ ጊዜው 660 ብር ነው። ጠቅላላው 2,010 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 360ው መኪናው ቆሞ የተቆጠረ ነው።

እዚህ ላይ መነጋገር ያዋጣል። ሹፌሩ ሲጠብቅ ነዳጅ አያቃጥልም፤ ሲመለስም ባዶውን አይመለስም። በ1,700 ብር ቢስማማ ሁለታችሁም ተጠቅማችኋል። መሄጃ ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሹፌሩ ባዶውን የሚመለስበትን በእናንተ ላይ ያስባልና ድርድሩ አያዋጣም።

«ሚኒባስ ከሁሉም ስለሚረክስ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም።»

ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው እውነት ነው፤ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ግን ሞልቶ ስለሚነሳ ጊዜያችሁን ይወስዳል። ጢስ ዓባይ እንደደረሳችሁ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ረዳቱን ጠይቁ። ካመለጣችሁ የምትደራደሩት መሄጃ ባጡ ሰዎች ዋጋ ነው። ለረጅም መስመር ደግሞ ከመናኸሪያ ውስጥ ተሳፈሩ፤ ታሪፉን እዚያው መጠየቅ ትችላላችሁ። መንገድ ላይ የሚጭን ሰው የፈለገውን ሊጠራ ይችላል፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ።

«ዋጋ ከቆረጥን በኋላ ጭቅጭቅ የለም።»

ጭቅጭቁ የሚመጣው ሳይነገር ከቀረው ነገር ነው። ሹፌሩ «500» ያላችሁ ለሰው ይሁን ለመኪናው ካልለያችሁ፣ መድረሻው ላይ «በነፍስ ወከፍ ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት እንዲህ በሉ፦ «ወንድሜ፣ ደርሶ መልስ፣ ሁለት ሰዓት ጠብቀህ፣ ዕቃውን ጨምሮ ለመኪናው በሙሉ ስንት?» ከሁለት ሰዓት ካለፈ ለተጨማሪው ስንት እንደሚያስከፍልም አብራችሁ ቁረጡ። ሒሳቡን ስትመለሱ ክፈሉ፤ ለነዳጅ ቅድሚያ ከጠየቀ ከፊሉን ብቻ ስጡት።