የፕሮቲን መታጠፍና ሚዜዎቹ፦ ከድስቱ እንቁላል እስከ ካላዛር

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ለዶሮ ወጥ የሚቀቀለውን እንቁላል ግን ይህ አይቸግረውም፤ ነጩ ክፍል 60 ዲግሪን ጥቂት ሲያልፍ መርጋት ይጀምራልና። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በልኩ ሲታጠፍ ነው። ከውኃ የሚሸሹት ክፍሎቹ ያኔ መሐል ገብተው ይሸሸጋሉ። ሙቀት ሲፈታው እነሱ ይገለጡና ከጎረቤት ሰንሰለት ጋር ይጣበቃሉ። የተቀቀለ እንቁላል ቢቀዘቅዝም ተመልሶ ፈሳሽ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሕዋስ ውስጥ አደጋው በ93 ዲግሪ አይወሰንም። ስፍራው በፕሮቲን የተጨናነቀ ነው፤ ጥቂት ዲግሪ መጨመር ብቻ ደካሞቹን ይፈታል። ስለዚህ ሕዋስ ቻፐሮን የሚባሉ ረዳቶች አሉት። ሚዜ ብንላቸው ይስማማቸዋል፤ ሙሽራውን ያጅባሉ እንጂ ጎጆው ውስጥ አይቀሩም። ከነሱ አንዱ ኤችኤስፒ70 የተገለጠውን ተጣባቂ ክፍል ይይዛል፤ ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ምንጭ እያቃጠለ መልሶ ይለቀዋል። ሰንሰለቱ በተለቀቀ ቁጥር በትክክል ለመታጠፍ አንድ ዕድል ያገኛል። ሚዜው ቅርጹን አያስተምረውም፤ ከመጣበቅ ብቻ ይጠብቀዋል።

ሚዜዎቹ ሌላም ሥራ አላቸው፦ የሙቀት መለኪያ ናቸው። ከጎንደር ወደ መተማ ቆላ ለቀን ሥራ በሚወርዱ ሰዎች ላይ የሚታየው የካላዛር በሽታ ይህን ያሳያል። ተሕዋሲው ሊሽማንያ ዶኖቫኒ በአሸዋ ዝንብ ሆድ ውስጥ በ25 ዲግሪ አካባቢ ጅራፍ እያወዛወዘ ይኖራል። ሰው ውስጥ ሲገባ 37 ዲግሪ ይገጥመዋል፤ ክብ ሆኖ በሰውየው የመከላከያ ሕዋስ ውስጥ ይደበቃል። ተመራማሪዎች ሙቀቱን ሳይጨምሩ ኤችኤስፒ90 የተባለውን ሚዜ ጌልዳናማይሲን በተባለ ኬሚካል ሲያግዱት ተሕዋሲው ወደዚያ ቅርጽ መለወጥ ጀመረ። ሚዜው ሥራ ሲፈታ ተሕዋሲው ሙቀት የመጣ መሰለው። በተፈጥሮም የተፈቱ ፕሮቲኖች ሲበዙ ሚዜዎቹ በነሱ ይጠመዳሉ፤ ውጤቱ ከመታገድ ብዙም አይለይም።

የሰው ሕዋስም እንደዚሁ ነው። ሚዜዎቹ ሲጠመዱ፣ እነሱ አስረው ያቆዩት ኤችኤስኤፍ1 የተባለ ፕሮቲን ይለቀቅና ተጨማሪ ሚዜ እንዲመረት ያዛል። ለመታጠፍ እምቢ ያሉት ፕሮቲኖች ደግሞ ዩቢኪቲን የሚባል ምልክት ተለጥፎባቸው ፕሮቲአሶም በተባለው መፍጫ ውስጥ ይሰባበራሉ።

መፍጫው ካልተቋቋመው ቅሪቱ ይከማቻል። የሚከፋፈል ሕዋስ ጓዙን ለሁለት ያካፍላል፤ የነርቭ ሕዋስ ግን አይከፋፈልምና የዓመታት ጉድፍ እዚያው ይቀመጣል። በፓርኪንሰን ሕመም የሞተ ሰው አንጎል በተለመደው ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ዙሪያው የነጣ ሮዝ ክብ ነገር ይገኛል። የሊዊ ክምችት ይባላል፤ አብዛኛው አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን ነው። ሕዋሱን የሚገድለው ክቡ ራሱ ነው ወይስ ክቡ ሕዋሱ መርዙን ሰብስቦ የቆለፈበት ጎተራ ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል።