«መልቀቂያዎን ተቀብለናል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ይህ ደብዳቤ የመልቀቅ ፈቃድ ይመስለዋል። አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል። ደብዳቤው የሚያረጋግጠው ማስጠንቀቂያው መድረሱንና የመጨረሻውን የሥራ ቀን ነው።

አንዲት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ረቡዕ፣ ጥቅምት 5 ማመልከቻ አስገባች እንበል። ቆጠራው ከሚቀጥለው የሥራ ቀን፣ ከጥቅምት 6 ይጀምራል። 30ኛው ቀን ኅዳር 5 ነው። ደብዳቤው ሌላ ቀን ከጻፈ ቶሎ በጽሑፍ ትጠይቅ።

ከምስጋናው ቀጥሎ ያለውን ክፍል በደንብ አንብቡት። «ንብረት ያስረክቡ» ብቻ ከሆነ በኋላ ጣጣ ያመጣል። ለማን? እስከ መቼ? ጥሩ ደብዳቤ «የግምጃ ቤቱን ቆጠራ፣ ቁልፎቹንና ያልተዘጉ ደረሰኞችን እስከ ኅዳር 3 ለተተኪዋ ያስረክቡ» ይላል። ርክክቡ ላይ ሁለቱም ይፈርማሉ። አንድ ቅጂ ለራስ ማስቀረት ነው፤ ዕቃ ጎደለ ሲባል የሚያድነው እሱ ነው።

ደመወዝና ቀሪ ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላል። ሠራተኛዋ በራሷ ጥፋት ንብረት መመለስ ካዘገየች ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል።