የሌሊት እግር መሸማቀቅ ምንድን ነው? ከውሃ፣ ከመድኃኒትና ከማዕድን ጋርስ ምን አገናኘው?

ተኝታችሁ ሳለ ባታችሁ ድንገት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በእጅ ሲዳሰስ ቋጠሮው ይታወቃል። አንዳንዴ ውስጥ እግርን ወይም ጣቶችን ይይዛል። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ይለቃል፤ ሕመሙ ግን ለማግስቱም ሊተርፍ ይችላል።

ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች ከዕድሜ ጋር ይሳሳሉ፣ የቀሩትም ሳይታዘዙ መተኮስ ይቀናቸዋል ተብሎ ይታሰባል። አልጋ ላይ ደግሞ የእግር ጣታችን ወደ ታች ስለሚዘረጋ ባታችን ቀድሞውኑ አጥሮ ይተኛል፤ እንዲህ ያጠረ ጡንቻ በትንሽ ትእዛዝ ይቆለፋል።

መነሻው ሁልጊዜ አይታወቅም። አንዳንዴ ግን ከኪኒን መያዣው ውስጥ ይገኛል።

አንዲት የ72 ዓመት እናት እናስብ። ለደም ግፊታቸው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም ታዘዘላቸው። ይህ የሚያሸና መድኃኒት ነው፤ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ ያደርጋል፣ ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልጉት ማዕድናት ፖታሲየምና ማግኒዥየምም አብረው ይሄዳሉ። ለጨጓራቸው ደግሞ ኦሜፕራዞል ከዓመት በላይ ወስደዋል። እሱም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ማግኒዥየምን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ሌሊት ለሽንት መነሳቱ ሲሰለቻቸው፣ መውደቁንም ስለሚፈሩ፣ ከሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት አቆሙ። አልጠማቸውም፤ በእርጅና የጥማት ስሜት ራሱ ይደክማልና። ከሦስት ሳምንት በኋላ እግራቸው በሳምንት አራት ሌሊት ይይዛቸው ጀመር።

ልጃቸው ፖታሲየም ብቻ ገዝቶ ቢሰጣቸውስ? እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ ፖታሲየም የሚያስቀሩ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው፣ ፖታሲየሙ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል።

ሐኪሙ መጀመሪያ ደም አስመረመራቸው። ፖታሲየማቸው 3.1 ሆኖ ተገኘ፤ የተለመደው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር አካባቢ ነው። ማግኒዥየማቸውም ዝቅ ብሏል። ሁለቱን አንድ ላይ ማየቱ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፤ ማግኒዥየም ሲያንስ ኩላሊት ፖታሲየምን መያዝ ስለሚያቅተው፣ ፖታሲየም ብቻ መስጠት በሚያፈስ ማሰሮ ውሃ እንደመቅዳት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተተኩላቸው፣ የግፊት መድኃኒቱ በሌላ ዓይነት ተቀየረ፣ ኦሜፕራዞሉም አሁንም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ታየ። ውሃውን ጠዋትና ቀን ላይ አብዝተው፣ ማታ ቀነስ አድርገው እንዲጠጡ ተነገራቸው። መሸማቀቁ ቀስ በቀስ ራቀ።

ሁሉም ሰው ግን እንደ እሳቸው አይደለም። እግራቸውን ሌሊት የሚይዛቸው አብዛኞቹ አረጋውያን ሲመረመሩ ማዕድናቸው ደህና ነው። ለእነሱ የማግኒዥየም ኪኒን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳየም። የውሃ ማነስም ብቻውን ጥፋተኛ መሆኑ በጥናት በደንብ አልጸናም፤ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የሚያሸና መድኃኒት ሲጨመርበት ግን እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው እሱን ነው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ውሃ አይጨምር።

ከሚያሸኑት ሌላ ለአስም የሚሳቡ አንዳንድ ረጅም ጊዜ የሚሠሩ መድኃኒቶችም ከመሸማቀቁ ጋር ተያይዘዋል። የኮሌስትሮል መድኃኒቶቹ ስታቲኖችም ይነሳሉ፣ የእነሱ ግንኙነት ደካማ ቢሆንም። መሸማቀቁ አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ከመጣ ቀኑን ጻፉና ለሐኪም አሳዩ። በራሳችሁ ግን አታቁሙ። የቆየው ኪኒን ኩዊኒን ለዚህ ሕመም ዛሬ አይመከርም፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌቶች በአደገኛ ሁኔታ ሊቀንስና የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል።

በያዛችሁ ቅጽበት ጉልበታችሁን ዘርግታችሁ የእግር ጣታችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ከተቻለ ተነስታችሁ ተረከዛችሁን መሬት ላይ ተጫኑ፣ ግን እንዳትወድቁ የሆነ ነገር ይዛችሁ። ከመተኛት በፊት ባትን በየምሽቱ ለጥቂት ደቂቃ ማሳሳብም ለአንዳንዶች ድግግሞሹን ይቀንሳል።

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ፣ ሕመሙም የማይለቅ ከሆነ ይህ መሸማቀቅ ላይሆን ይችላል። የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ አረጋዊ ግራ መጋባት ወይም የልብ ምት መዛባት ካሳዩም ነገ አይባልም።