«6 መደመር ነው እኮ!» እና ሌሎች የሰዓት መዝገብ ስህተቶች

«የሐበሻ ሰዓትን ወደ 24 ሰዓት ለመቀየር 6 መደመር በቃ።»

አይበቃም። ይህን የሚሉኝ ደግሞ ሁሌም ሠንጠረዡ ከተበላሸ በኋላ ነው። ከወረቀት ወደ ኤክሴል የተገለበጠ አንድ የጥበቃ መዝገብ እንይ። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ ገባ ምሽት 12:30፣ ወጣ ጠዋት 12:45፣ ቆይታ 12:15። 6 ሲደመር መግቢያው 18:30 ይሆናል። ጥሩ። መውጫው ግን 18:45 ሆኖ ቁጭ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያደረ ሰው 15 ደቂቃ ሠርቶ ሄደ ማለት ነው። ደመወዝ ሲሰላ የሚመጣውን ጭቅጭቅ አስቡት።

ችግሩ 12 ላይ ነው። አዲሱ ዙር የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ፣ ከምንም በፊት 12 ወደ 0 ይቀየራል። ከዚያ ለቀን 6፣ ለሌሊት 18 ይደመራል። ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ይቀነሳል። የኛ ጥበቃ የገባበት 0:30 ላይ 18 ሲደመር 18:30፣ የወጣበት 0:45 ላይ 6 ሲደመር 06:45 ይሆናል። ሌሊት 8:00 ደግሞ 26:00 ይሆንና፣ 24 ሲቀነስ 02:00።

ሰዓቱ B2፣ «ቀን» ወይም «ሌሊት» የሚለው C2 ላይ ካለ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=MOD(MOD(B2,0.5)+IF(C2="ቀን",0.25,0.75),1)
```

ኤክሴል ሙሉ ቀንን እንደ 1 ስለሚቆጥር 0.5 ማለት 12 ሰዓት፣ 0.25 ማለት 6 ሰዓት ነው።

«ጠዋት ካለ ቀን፣ ማታ ካለ ሌሊት ብዬ ልሙላው።»

እንዲህ የሞላ ሰው ሠንጠረዥ ደርሶኝ ያውቃል። «ጠዋት 11:30 ገባ» የሚለው ሁሉ 17:30 ሆኖ ነበር። ሰውዬው የገባው ገና ሳይነጋ፣ 05:30 ላይ ነው! በዚህ ስሌት ቀን የሚባለው ከንጋቱ 12:00 እስከ ማታ 11:59 ያለው ነው። ሌላው ሁሉ ሌሊት ነው። ስለዚህ ጠዋት 11:30 ሌሊት ውስጥ ይገባል፣ ማታ 11:30 ቀን ውስጥ። መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ቃል እንዳለ ተዉት። አጠገቡ አዲስ ዓምድ ክፈቱና ሁለቱን ቃላት ብቻ ሙሉበት። 11 እና 12 ያሉባቸውን መስመሮች አንድ በአንድ በዓይን እዩ፤ ሌላው ብዙም አያስቸግርም።

«ለ3 ሩብ ጉዳይ 3:15 ነው።»

2:45 ነው። 3:15 ሦስት ከሩብ ነው።

«ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት የማክሰኞ 02:00 ነው።»

ጸሐፊው ማክሰኞ አምሽቶ ያደረውን ሌሊት ማለቱ ከሆነ፣ ለረቡዕ አጥቢያ ነው። ቀኑም አብሮ ወደ ረቡዕ ይሻገራል።

«ቆይታውም በሰዓት ስለተጻፈ አብሮ ይቀየር።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ቀመሩን እስከ ሦስተኛው ዓምድ ጎትቶ፣ የ12:15 ቆይታን 18:15 ያደረገ ሰው አለ። ቆይታ ርዝመት ነው፤ ጠዋትም ማታም የለውም። አይነካም። «2.30» ተብሎ በነጥብ ከተጻፈ ግን ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ ይሁን ሁለት ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ ከመግቢያና መውጫው ጋር አስተያዩና ወስኑ።

የተቀየረው መግቢያ D2፣ መውጫው E2 ላይ ካለ፣ ቆይታው እንዲህ ይወጣል፦

```
=MOD(E2-D2,1)
```

MOD የተጨመረው ሌሊቱን ለሚሻገር ፈረቃ ነው። ያለ እሱ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይሆንና ሴሉ በ##### ይሞላል። ልክ 24 ሰዓት የሠራ ጥበቃ ግን 0:00 ይወጣለታል፤ ለእሱ ቀኑም መግባት አለበት። ሲደመር ደግሞ የሴሉን ፎርማት `[h]:mm` አድርጉ። አምስት ሌሊት በ12:15 ሲባዛ 61:15 ነው። ቅንፉ ከሌለ 13:15 ብቻ ይታያል።

አሁን በወረቀቱ ላይ የነበረው ቆይታ ይጠቅማል። ቀመሩ ካወጣው ጋር አነጻጽሩት። ልዩነቱ ልክ 12 ሰዓት ከሆነ ቀንና ሌሊት ተቀያይሯል። ልክ 6 ሰዓት ከሆነ፣ አንዱ ሰዓት ከስልክ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ተገልብጧል። ጠዋት 6:45 ብሎ የፈረመ ሰው መውጫው 12:45፣ ቆይታው 18:15 ይሆናል።

መግቢያውም መውጫውም ከስልክ ከተገለበጡ ግን ሁለቱም እኩል ስለሚንሸራተቱ ቆይታው ልክ ሆኖ ይወጣል። ያኔ መግቢያውን ከፈረቃው ሰዓት ጋር አስተያዩት። ምሽት መግባት ያለበት ሰው 00:30 ላይ ገባ ከተባለ፣ የጻፈው ስልኩ ላይ ያየውን ነው።